እትዬ ኩርፊያ ለምን ታኮርፋለች?

እኛ ቤት ያለችው አሮጊት መኪና ስሟ እትዬ ኩርፊያ ነው። ወረቀቷ ላይ ሌላ ስም አላት ግን በሱ የሚጠራት የለም። ስሙን ያወጣላት አጎቴ ነው፣ መኪናዋም የሱ ነበረች፣ እና ስም ሲያወጣ ዝም ብሎ አያወጣም፣ መጀመሪያ ለብዙ ጊዜ ያያል፣ ያዳምጣል፣ ከዛ አንድ ቀን ኮፋኖውን ከፍቶ ቆሞ "ይቺ እኮ አኩራፊ ናት" አለ፣ በቃ። እትዬ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ፣ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ።

ኩርፊያዋ እንዲህ ነው። ጠዋት ብርድ ላይ ቁልፍ ስታዞርላት ወዲያው ትነሳለች፣ ምንም ልመና የለም። ትሄዳለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ቀኑን ሙሉ ብትነዳት አትለግምም። ችግሩ የሚመጣው ረጅም መንገድ ሄዳ በደንብ ከሞቀች በኋላ አጥፍተሃት ሩብ ሰዓት ምናምን ቆይተህ ስትመለስ ነው። ሞተሪኖው ያዞራታል፣ እሷ ግን እምቢ። ደጋግመህ ብትሞክር እምቢ። ትተሃት ሌላ ግማሽ ሰዓት ወይ አርባ ደቂቃ ብትቆይ፣ ምንም ሳትነካት፣ እንደ ጠዋቱ ቱር ብላ ትነሳለች። ደግሞ ወዲያው አጥፍተህ ወዲያው ብታስነሳት ችግር የለም፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ ብቻ ትተሃት ከሄድክ አታኮርፍም። አሞቀሃት፣ ትተሃት ሄድክ፣ መካከለኛ ጊዜ ቆየህ፣ ያኔ ነው ፊቷን ምታዞረው።

ይሄን ዝርዝር በደንብ ያዙልኝ ምክንያቱም ጽሑፉ በሙሉ እሱ ላይ ነው የቆመው። ሰው ለአሮጌ መኪና ወይ ለሞተር ሳይክል ስም ሲያወጣ ቀልድ ይመስላል፣ ቀልድም ነው፣ ግን ጥሩ ስም ውስጥ "መቼ?" የሚለው ጥያቄ ተመልሶ ይገኛል። "እልኸኛ" ብትላት ምንም አልነገርከኝም፣ ሁሉም አሮጌ መኪና እልኸኛ ነው። "አኩራፊ" ስትላት ግን ከሆነ ነገር በኋላ፣ ለተወሰነ ጊዜ፣ ከዛ ራሷ የምትታረቅ ማለትህ ነው። መካኒክ ፊት ቆመህ የምትናገረው ይሄንኑ ነው፣ ከምን በኋላ፣ ለስንት ጊዜ፣ ምን ሲደረግ ይለቃታል።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። እትዬ ካርቡራተር ያላት መኪና ናት፣ ያም ማለት ቤንዚኑ በኮምፒውተር ተለክቶ አይረጭላትም፣ ሞተሩ ላይ ትንሽ የቤንዚን ገንዳ አለች፣ ሞተሩ አየር ሲስብ ከዛች ገንዳ በቀጭን ቀዳዳ ቤንዚን አብሮ ይሳባል። መኪናው እየሄደ እያለ ገንዳዋ አትሞቅም ማለት ይቻላል፣ አየር ያልፍባታል፣ አዲስ ቤንዚን ከታንከር እየመጣ ያቀዘቅዛታል፣ ራዲያተሩም ቬንትሌተሩም ስራ ላይ ናቸው። ስታጠፋው ግን ይሄ ሁሉ በአንዴ ይቆማል። የሞተሩ ብረት ግን ወደ 90 ዲግሪ ገደማ እንደሞቀ ነው፣ ሙቀቱ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ወደ ካርቡራተሩ ይወጣል። ስለዚህ ካርቡራተር በጣም የሚሞቀው መኪናው እየሄደ ሳይሆን ከጠፋ በኋላ ባሉት አስር፣ ሃያ ደቂቃዎች ውስጥ ነው። ቤንዚን ደግሞ የብዙ ነገሮች ድብልቅ ነው፣ ቀላል ቀላሉ ክፍል ገና ከ35 እስከ 40 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል። ገንዳዋ ውስጥ ያለው ቤንዚን ይፈላል፣ ይገነፍላል፣ በቀዳዳው ወጥቶ ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ ይንጠባጠባል። አንተ ተመልሰህ ቁልፍ ስታዞር ውስጡ በቤንዚን ተሞልቶ አየር የለም፣ ካንዴላዎቹ ርሰዋል፣ እንዴት ብሎ ይቀጣጠል?

ከአርባ ደቂቃ በኋላ የምትታረቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሁሉም ቀዝቅዟል፣ የተንጠባጠበው ቤንዚን ተኖ አልቋል። ሁለት ደቂቃ ብቻ ከቆየች የማታኮርፈው ደግሞ ሙቀቱ ገና ወደ ላይ ስላልወጣ ነው። ስሙ ትክክል ነበር፣ በደቂቃው ሳይቀር።

ግን ስም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፣ ምክንያቱም በዚሁ ሰዓት በዚሁ መልክ የሚያኮርፉ ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ቦቢናው ነው፣ ለካንዴላ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው፣ አርጅቶ ከሆነ ሲሞቅ ይሞትና ሲቀዘቅዝ ይነሳል፣ ልክ እንደ ኩርፊያ። ሌላው ደግሞ የቤንዚን መስመሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ተኖ እንፋሎት ሲሆን ነው፣ ፖምፓው ፈሳሽ እንጂ እንፋሎት መግፋት ስለማይችል ገንዳዋ ባዶ ትቀራለች። ይሄኛው ከኛው ተቃራኒ ነው፣ አንዱ ቤንዚን በዝቶ ነው፣ አንዱ ቤንዚን አጥቶ፣ ከውጭ ሲታይ ግን ሁለቱም ያው "እምቢ" ነው።

አጎቴ እንዴት እንደለየው ልንገራችሁ። ሆን ብሎ አሞቃት፣ ረጅም ነድቷት መጣ፣ አጠፋት፣ ኮፋኖውን እንደተዘጋ ተወው (ክፍት ከሆነ ሙቀቱ ይወጣና ሙከራው ይበላሻል)፣ ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ከዛ እኔን መሪው ላይ አስቀመጠኝና "ዝም ብለህ አዙር፣ ቤንዚን መስጫውን እንዳትነካ" አለኝ። እምቢ አለች፣ እንደሚጠበቀው። መጀመሪያ ያየው እሳቱን ነው፣ ከካርቡራተሩ ራቅ ያለ ካንዴላ ላይ፣ በብልጭታ መመልከቻ መብራት። ብልጭታው አለ፣ ጠንካራም ነው፣ ስለዚህ ቦቢናው ንጹህ ነው ተባለ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፣ ካርቡራተሩን ከፍቶ የቤንዚን ጭስ እየወጣ ብልጭታ የሚሞክር ሰው ቅንድቡን ያጣል፣ ቅንድብ ብቻ ከሆነም እድለኛ ነው። እሳቱ ከታየ በኋላ ነው የኤር ፊልትሮውን ክዳን ያነሳው፣ በዛን ጊዜ ማንም ቁልፍ አይነካም። ጠጋ ብሎ አዳመጠ፣ እኔንም ጠራኝ።

"ስማ" አለኝ።

"ምንድነው ጋሼ?"

"ትፈላለች።"

እውነቱን ነው፣ ስስ የሆነ ችስ ችስ የሚል ድምፅ አለው፣ በካርቡራተሩ ጉሮሮ ውስጥ ስታይ ከቀዳዳው ጫፍ ላይ ጠብታ እየመጣ ይወድቃል። ካንዴላ ሲፈታ ደግሞ ጥቁር እና እርጥብ፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ካንዴላው ደረቅ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ወደ መስመሩ ይዞር ነበር። ቤንዚን በዝቶባታል፣ አለቀ።

በዚህ ሁኔታ ላይ ላለች መኪና መድኃኒቱ ሰው ሁሉ ከሚያደርገው ተቃራኒ ነው። ሰው እምቢ ስትለው ቤንዚን መስጫውን ይደበድባል፣ ደጋግሞ ረገጥ ረገጥ። እያንዳንዷ ርግጫ ግን ካርቡራተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ ፖምፓ ገፍታ ተጨማሪ ቤንዚን ትረጫለች፣ ማለትም ለጠገበ ሰው እያጎረስክ ነው። ትክክለኛው አንዴ ቀስ ብሎ እስከ ወለሉ ድረስ ረግጦ ሳያነሱ መያዝና ማዞር ነው። የአየር በሩ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፣ የገባው አየር ትርፉን ቤንዚን ጠርጎ ያወጣል፣ ጥቂት ሰከንድ ካዞርክ በኋላ ማሳል ትጀምራለች፣ ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ትነሳለች፣ ያኔ እግርህን ታላላለህ። ሞተሪኖውን ግን ከአስር ሰከንድ በላይ በአንዴ አታስጨንቀው፣ አሳርፈው፣ እሱም ይሞቃል።

ይሄ ማስታገሻው ነው። ምክንያቱ ሌላ ነበር። ካርቡራተሩ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ወፈር ያለ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር መኖር አለበት፣ ብዙ ጊዜ ባክላይት ነው፣ ውፍረቱ ብዙ ሚሊሜትር የሆነ። እትዬ ላይ እሱ የለም፣ በቦታው ስስ የወረቀት ጋርኒሳዮን ነው የነበረው። ከአጎቴ በፊት በነበረ ባለቤት ጊዜ ካርቡራተሩ ተፈትቶ ሲታሰር ተሰብሮ ነው ተጥሎ ነው አይታወቅም፣ ብቻ ብረት በብረት ላይ ሆኖ ሙቀቱ እንደ ልቡ ይወጣል። አዲስ ባክላይት ሲገባ ካርቡራተሩ ከፍ ስለሚል ረዘም ያሉ ብሎኖች አስፈለጉ፣ የኤር ፊልትሮው ክዳን ከኮፋኖው ጋር እንዳይጋጭ ተለካ፣ የቤንዚን መስመሩም ወደ ጭስ ማውጫው ተጠግቶ ስለነበር ራቅ ተደርጎ ታሰረ። ያው ይሄ ነው ጥገናው።

የሚገርመው ሌላ ጠባይዋም አብሮ ተገለጠ። እትዬ ከጠፋች በኋላ ዝም አትልም ነበር። ቁልፉን አውጥተህ በእጅህ ይዘኸው እሷ ግድግድ፣ ግድ፣ ግድግድ እያለች መቀጠል ትችላለች፣ መሪው ሳይቀር እየተንቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ትልቅ እርግጫ አድርጋ ትቆማለች። እኛ "የመጨረሻ ቃል የሷ ነው" እንል ነበር። አጎቴ ሲጨቃጨቅ የነበረውን ሰው "እንደ እትዬ ሆንክብን" ይል ነበር። ምክንያቱ ግን ውስጥ የተጠራቀመ ካርቦን ሲግል ካንዴላ ሳያስፈልግ ራሱ ቤንዚኑን ያቀጣጥላል፣ እሱ ብቻ ቢሆን አይበቃም፣ ሞተሩ የሚስበው አየርና ቤንዚንም ያስፈልገዋል። የሚያገኘው ደግሞ ሚኒሞው፣ ማለትም ቤንዚን ሳትሰጣት ቆማ የምትዞርበት ፍጥነት፣ ከፍ ተደርጎ ስለታሰረ ነው። ለምን ከፍ ተደረገ? በሞቀች ጊዜ ሚኒሞ ላይ ትጠፋ ስለነበር የሆነ ሰው ብሎኑን ጠምዝዞ ሸፋፈነው። ስለዚህ ኩርፊያዋም የመጨረሻ ቃሏም የአንድ ሙቀት ሁለት ልጆች ነበሩ። ባክላይቱ ሲገባ ሚኒሞው ወደ ቦታው ወረደ፣ ቁልፍ ሲጠፋ እሷም ትጠፋለች። (እስከዛው ድረስ ማርሽ አስገብተህ ፍሬን ረግጠህ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው፣ ታፍና ትቆማለች። አውቶማቲክ የያዘ ሰው ይሄን ምክር አይጠቀምበትም፣ ይቅርታ።)

እና አሁን አታኮርፍም። ስሟ ግን አልተቀየረም፣ ቤት ውስጥ ክርክር ተነስቶ ነበር፣ ታናሽ ወንድሜ "ውሸት ነው እኮ አሁን ይሄ ስም" ብሎ። አጎቴ ደግሞ "ስም የወጣው ለጠባይ ነው፣ ጠባይ ደግሞ ሊመለስ ይችላል" ብሎ ዘጋው። በኔ ግምት አጎቴ እዚህ ላይ ተሳስቷል፣ ምክንያቱም ያ ጠባይ አልነበረም። በሽታ ነበር።

ይሄን ልዩነት ትንሽ ልቆይበት። አንዳንድ ድምፅ ማሽኑ ሲሰራ አብሮት የተሰራ ነው፣ የሚጠገን ነገር የለውም፣ ለሱ የወጣ ስም እስከ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ጥሩ ምሳሌ ሃርሊ ዴቪድሰን ነው። ሁለት ሲሊንደሮቹ በ45 ዲግሪ ተከፍተው የቆሙ ናቸው፣ ሁለቱም ፒስቶኖች የሚያዞሩት አንድ የክራንክ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ጣት ነው፣ ስለዚህ ፍንዳታዎቹ እኩል ተራርቀው አይመጡም፣ ከመጀመሪያው ፍንዳታ በኋላ ሁለተኛው በ315 ዲግሪ ይመጣል፣ ከዛ እስከሚቀጥለው ደግሞ 405 ዲግሪ ይጠበቃል። ያቺ ሽብርክ ያለች ምት፣ ሰዎች ሚኒሞ ላይ ስትሰማ "ፖታቶ ፖታቶ ትላለች" የሚሏት፣ ከዚህ ነው የመጣችው። ኩባንያው በ1994 ድምፁን ራሱን እንደ ንግድ ምልክት ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር፣ ተፎካካሪዎች ተቃወሙት፣ በ2000 ማመልከቻውን ተወው። የጆን ዲር ድሮ ባለ ሁለት ሲሊንደር ትራክተሮችም እንዲሁ ናቸው፣ ፍንዳታቸው አንዱ በግማሽ ዙር አንዱ ደግሞ ከአንድ ዙር ተኩል በኋላ ስለሚመጣ ገበሬዎች ጆኒ ፖፐር አሏቸው፣ ስሙም ማሽኑ መመረት ካቆመ በኋላ እንኳ አልጠፋም። እንዲህ ያለ ነገር ጠባይ ነው። ትራክተሩ አዲስም ሆነ አሮጌ ያንኑ ይላል።

በሽታ ግን ይለወጣል። ይብሳል፣ ቦታ ይቀይራል፣ ወይ በጣም ክፉ በሆነ ቀን ዝም ይላል። እና ሰው ለበሽታ ስም ሲያወጣለት የሚመጣ አደጋ አለ፣ ስም ያለውን ነገር ትለምደዋለህ፣ ትወደዋለህ፣ መስማት ትተዋለህ። አንድ የሰፈር ጓደኛችን መኪናውን "ወፊቱ" ይላታል፣ ሲሄድ ከፊት ጎማ በኩል ስስ ሲርርር የሚል ድምፅ ነበራት፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚለዋወጥ። ለሰው ሁሉ "ስሟት፣ ትዘምራለች" እያለ ያሰማ ነበር። የሚዘምረው ምን መሰላችሁ፣ ብዙ የዲስክ ፍሬን ሸራዎች ላይ ሆን ተብሎ የተሰራች ትንሽ የብረት ምላስ አለች፣ ሸራው አልቆ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር አካባቢ ሲቀረው ዲስኩን መንካት ትጀምራለች፣ ስራዋም መጮህ ነው፣ ሌላ ስራ የላትም። "ቀይረኝ" ነበር የምትለው። ከጊዜ በኋላ ወፊቱ ዝም አለች፣ ምላሷ ተበልታ አልቃ ነው፣ ጓደኛችን አዝኖ ነበር እንደውም። ከዛ በኋላ የመጣው ድምፅ ግር የሚል ብረት በብረት ነው፣ ሸራ ብቻ ቢቀይር ይበቃው የነበረው ሰው ዲስኩንም ቀየረ። ለሱ ድምፅ ስም ያወጣለት ሰው የለም።

ዝም ስለማለት ካነሳሁ አይቀር፣ እትዬ ከኩርፊያ በፊት ሌላ ስም ነበራት፣ ታይፒስቷ። ይሄኛው ከድምፅ የመጣ ነው፣ ሚኒሞ ላይ ቆማ ከቫልቮላው ክዳን ስር ቲክ ቲክ ቲክ ቲክ፣ እኩል፣ ፈጣን፣ የማይሰንፍ። ቤንዚን ስትሰጣት ትፈጥናለች፣ ስትሞቅ ትንሽ ትለዝባለች ግን አትጠፋም።

እዚህ ላይ ምት መቁጠር የሚባል ነገር አለ። ባለ አራት ምት ሞተር ላይ ቫልቮላዎቹን፣ ማለትም የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ በሮች፣ የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ የሚዞረው በሞተሩ ግማሽ ፍጥነት ነው፣ ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር እሱ አንዴ። ሚኒሞው በደቂቃ 800 ዙር ከሆነ አንድ የላላ ቫልቮላ በደቂቃ 400 ጊዜ ቲክ ይላል፣ በሰከንድ ወደ ሰባት ገደማ፣ ጣት ጠረጴዛ ላይ ለመከተል የሚያስቸግር ግን ጆሮ የሚለየው። ከታች ከክራንኩ የሚመጣ ኳኳታ ግን በእያንዳንዱ ዙር ሊመታ ይችላል፣ ወፍራም ነው፣ ደረትህ ላይ ነው የሚሰማህ፣ ቤንዚን ሰጥተህ ሞተሩ ላይ ሸክም ሲበዛ ይብሳል። ቀላል ቲክቲክታ ከላይ ከመጣ ብዙውን ጊዜ የሰላም ነው፣ ከታች ከመጣ ግን ስም ከማውጣትህ በፊት አጥፋው።

ታይፒስቷ የምትተይበው ቫልቮላውና እሱን በሚገፋው ክንድ መሀል ክፍተት ስላለ ነው። ክፍተቱ የግድ መኖር አለበት፣ ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ቦታ ይፈልጋል፣ ከሞተር ሞተር ይለያል ግን ለምሳሌ 0.2 ሚሊሜትር ለመግቢያው፣ 0.3 ለመውጫው ቢሉህ አትደንግጥ። ሲላላ ይጮሃል፣ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ትንሽ ጉልበት ይቀንሳል፣ በቃ። ስለዚህ ሰው ድምፁን ጠልቶ መካኒኩን "አጥብቅልኝ፣ ዝም አሰኛት" ይለዋል። ይሄ ነው አደገኛው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቮላው ሲሞቅ ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም፣ መውጫው ቫልቮላ ደግሞ የሚቀዘቅዘው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ሙቀቱን ለሞተሩ የላይኛው ክፍል ለቴስታታው አሳልፎ ስለሚሰጥ ነው፣ ካላረፈ ይግላል፣ ጠርዙ ይቃጠላል፣ ኮምፕሬሽን ይጠፋል፣ ቴስታታ መውረድ አለበት። ድሮ ሊድ ላለው ቤንዚን የተሰሩ ሞተሮች ላይ ደግሞ ሰው ሳይነካቸውም ይሄው ሊመጣ ይችላል፣ መቀመጫው ለስላሳ ብረት ስለሆነ ያለ ሊድ ቀስ በቀስ ይበላል፣ ቫልቮላው ወደ ውስጥ እየሰመጠ ክፍተቱ ይጠባል፣ ድምፁም አብሮ እየቀነሰ ይሄዳል። ባለቤቱ "ተሻላት" ይላል።

አጎቴ ታይፒስቷ ዝም ያለች ሰሞን ደስ ያላለው ለዚህ ነው። ሁላችንም ጸጥታዋን አመስግነን ነበር። እሱ ግን "ስራ ትታለች፣ ደህና አይደለችም" ብሎ ጠዋት ሳትነሳ ክዳኑን ፈቶ ለካ። አንዱ የመውጫ ቫልቮላ ላይ መለኪያው ስስ ብረት አልገባም አለ፣ ሌሎቹ ላይ በጥሩ ሁኔታ ሸርተት ይላል፣ እሱ ላይ ግን ጭራሽ። አላላው፣ ትክክለኛውን ክፍተት ሰጠው፣ ክዳኑን መለሰ፣ አስነሳት፣ ቲክ ቲክ ቲክ። ቶሎ ስለተደረሰበት ቫልቮላው አልተቃጠለም። ከዛ ወዲህ ያንን ቫልቮላ ለብቻው ቶሎ ቶሎ ይለካዋል፣ ክፍተቱ በፍጥነት መጥበቡን ከቀጠለ መቀመጫው እየተበላ ነው ማለት ስለሆነና እሱን ደግሞ በብሎን ማስተካከል ስለማይቻል።

ያ ስም ነው እንግዲህ የሚገባኝ። ታይፒስት ብሎ ሲጠራት የሚጠብቀው ድምፅ ነበር፣ ድምፁ ሲጠፋ መጥፋቱን አወቀ። የወፊቱ ባለቤትም ስም ነበረው፣ እሱ ግን ድምፁን ለመውደድ ነው የተጠቀመበት። ልዩነቱ ምኑ ላይ እንደሆነ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፣ መልሴ ቀላል ነው፣ አጎቴ ስሙን ያወጣው ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ካወቀ በኋላ ነው፣ ጓደኛችን ግን ከማወቁ በፊት።

ሳይክል ላይ ይሄ ነገር በጣም ይቀላል፣ ሞተር ስለሌለ የሚደበቅ ነገር የለም። ወንድሜ "ጉልበቷ" የሚላት ሳይክል አለችው፣ ጉልበት እንዳመመው ሰው ቀጭ የምትል። ቀጭታው ፔዳል አንዴ ሲዞር አንዴ ከመጣ ከፔዳሉ ወይ ከመሀል ዘንጉ ኩሽኔታ ነው፣ ጎማው አንዴ ሲዞር አንዴ ከመጣ ከጎማው ነው፣ ፔዳል ሳትመታ ዝም ብለህ ስትንሸራተት ከቀጠለ ደግሞ ፔዳሉ ነጻ ወጣ። ከመቀመጫው ተነስተህ ቆመህ ስትነዳ ከጠፋ ያመማት ጉልበቷ ሳይሆን መቀመጫዋ ነው። የወንድሜም ያው መቀመጫ ሆነ፣ የመቀመጫው ዘንግ ደርቆ፣ ተፈቶ ተጸድቶ ግሪስ ተቀብቶ ሲመለስ ጠፋ። ስሙን ግን እምቢ አለ አልቀይርም። እሱ ስለሌላው ሰው ስም ብቻ ነው ውሸት የሚለው።

አሁን እትዬ አዲስ ድምፅ አምጥታለች፣ የምጽፈውም በሱ ምክንያት ነው። ወደ 60 ኪሎሜትር በሰዓት ስትደርስ ከፊት እምምምም የሚል፣ ፍጥነት ሲጨምር አብሮ የሚጨምር፣ ማርሽ ዜሮ አድርገህ ብትለቃት የማይጠፋ። ዜሮ ላይም ካለ ከሞተሩ አይደለም ማለት ነው፣ ከሚሽከረከር ነገር ነው። ወንድሜ ወዲያው "ንቧ" አላት። ቆይ አልኩት። ቀጥ ባለ ባዶ መንገድ ላይ መሪውን ቀስ ብለህ ወደ ቀኝ ስትል የመኪናው ክብደት ወደ ግራ ጎማዎች ይሄዳል፣ ያኔ ድምፁ ካየለ የግራ ኩሽኔታ ይጠረጠራል፣ ወደ ግራ ስትል ካየለ የቀኙ። እትዬ ወደ ቀኝ ስትል በግልጽ ታጉረመርማለች፣ ወደ ግራ ስትል ትለሰልሳለች። ክሪክ አስገብተን የግራውን ጎማ አንስተን በእጅ አዞርነው፣ ባሌስትራው ላይ እጅ ስታደርግ ትንሽ ሻካራ ነገር ይሰማል፣ ከላይና ከታች ይዘን ስንነቀንቀው ግን አልላላም።

አጎቴ ግን አሁንም አልጠገበም። "ጎማውን አይታችሁታል?" አለ። አላየነውም። የጎማው ጥርስ አንድ ወገን ላይ እየተዛባ ተበልቷል፣ እንዲህ ያለ ጎማ ራሱ እምም ይላል፣ የመንገዱ አይነት ሲቀየር ድምፁም ይቀየራል፣ የኩሽኔታ ግን አይቀየርም። ሻካራው ነገር ደግሞ የፍሬን ሸራው መታከክም ሊሆን ይችላል አለ። ስለዚህ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት አድርገን በዛው መንገድ እንነዳታለን። ድምፁ ከጎማው ጋር ወደ ኋላ ከሄደ ንብ የሚባለው ጎማው ነው። ፊት ከቀረ ኩሽኔታ እንገዛለን፣ የወንድሜም ስም አብሮ ይወልቃል፣ እሱም ይሄንን ሰምቶ ክሪኩን ፍለጋ ሄዷል።